ዳሽቦርድን ለስልክ ማስተካከል፦ ከማሳነስ በፊት መምረጥ

ጥያቄ፦ «በፓወር ቢአይ የ18 ቅርንጫፎች የሽያጭ ዳሽቦርድ ሠርቻለሁ። ኮምፒውተር ላይ ቆንጆ ነው። ተቆጣጣሪዎቹ ግን ጠዋት ጠዋት በስልካቸው ነው የሚያዩት፤ ፊደሉ አይነበብም ይላሉ። Auto-create የሚለውን ተጫንኩ፣ ቻርቶቹንም አሳነስኳቸው። አሁን ደግሞ ማለቂያ የሌለው ዝርዝር ሆነ። አራት ካርድ፣ የ12 ወር መስመር ቻርት፣ የቅርንጫፎች ቻርት፣ የምርት ሠንጠረዥ፣ ካርታ፣ ክብ ቻርትና ሦስት ማጣሪያ አለው። ይህ ሁሉ ስልክ ላይ ሳይጨናነቅ እንዴት ይግባ?»

ምላሽ፦

ሁሉም አይገባም፤ መግባትም የለበትም። ከእነዚህ ውስጥ ስልክ ላይ ቦታ የሚገባቸው ሦስት ወይም አራት ናቸው። የትኞቹ እንደሆኑ ሳይወስኑ መጠን መቀያየር ውስጥ ከገቡ፣ ያው የገጠመዎት ነገር ይገጥምዎታል። አንዴ የማይነበብ ይሆናል፣ አንዴ የማያልቅ።

ማሳነስ ለምን እንደማይሠራ በቁጥር እንየው። ፓወር ቢአይ ዴስክቶፕ ካልነኩት የሚሰጥዎት ገጽ 1280 በ720 ፒክስል ነው። ስልክ ቀጥ ብሎ ሲያዝ ስፋቱ ባብዛኛው ከ360 እስከ 430 ፒክስል ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «የኔ ስልክ ስክሪኑ 1080 ነው፣ እንዲያውም 1440 ነው» ይላል። ያ ቁጥር የስክሪኑን ጥቃቅን ነጥቦች ይቆጥራል። ስልኩ ግን ሁለት ሦስት ነጥቦችን አንድ ላይ አድርጎ ነው ፊደልና ቁልፍ የሚለካው። ጥራቱ ምንም ያህል ቢጨምር መስታወቱ አይሰፋም። ስለዚህ ለሥራችን የሚጠቅመው 360 የሚለው ነው።

1280ን ወደ 360 ስናወርድ ሁሉም ነገር ከነበረበት ወደ 28 በመቶ ይቀንሳል። ኮምፒውተር ላይ 16 ፒክስል የነበረ ፊደል 4.5 ፒክስል ይሆናል። ይህን ደህና ዓይን ያለው ሰው እንኳ አያነበውም። ስልኩን አግድም ቢያዞሩት 720 የነበረው ቁመት 360 ውስጥ ይገባል፤ ሁሉም ነገር በግማሽ ያንሳል። ፊደሉ 8 ፒክስል ይሆናል። አሁንም ትንሽ ነው። ጣትም አለ። አፕል ለሚነካ ነገር በዚሁ በ360ው መለኪያ ቢያንስ 44፣ አንድሮይድ ደግሞ 48 እንዲሰጥ ይመክራሉ። ኮምፒውተር ላይ 32 ፒክስል ቁመት የነበረው ማጣሪያ ሲያንስ 9 ፒክስል ይሆናል። ጣት ከዚህ አምስት እጥፍ ይወፍራል።

Auto-create ይህንን የመነበብ ችግር ይፈታል። ቻርቶቹን ወስዶ ከላይ ወደ ታች፣ በስልኩ ስፋት ይደረድራቸዋል። ግን የሚያውቀው ገጹ ላይ ምን የት እንደተቀመጠ ብቻ ነው። ተቆጣጣሪው ጠዋት ተነስቶ ምን እንደሚፈልግ አያውቅም። ኮምፒውተር ላይ ከላይ በስተቀኝ ያለች ካርታ ለውበት የገባች ልትሆን ትችላለች። ስልክ ላይ ግን ከዋናው ቻርት በላይ ልትሰየም ትችላለች። እንደ መነሻ ረቂቅ ይጠቅማል። የመጨረሻ ሥራ አድርገው ግን አይላኩት።

ስለዚህ ከአንባቢው እንጀምር። ጠዋት ስልኩን የሚያወጣ ተቆጣጣሪ ሪፖርት ሊያጠና አይደለም። ቀኑን ከማን ጋር እንደሚጀምር ሊወስን ነው። ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛ፣ በዚህ ወር ከዕቅዱ ጋር እየሄድን ነው ወይስ ወደ ኋላ ቀርተናል? ሁለተኛ፣ የቀረነው የትኛው ቅርንጫፍ ላይ ነው? ሁለቱን ካየ በኋላ ስልክ ይደውላል። ምርት በምርት ማየት ከፈለገ ቢሮ ደርሶ ኮምፒውተር ይከፍታል። ይህን እኔ ከጥያቄዎ ገምቼ ነው። እርስዎ ግን መገመት አያስፈልግዎትም፤ ከሁለት ሦስት ተቆጣጣሪዎች ጋር ያውሩ። «ምን ማየት ትፈልጋላችሁ?» ብለው አይጠይቁ፤ ሁሉንም ይሏችኋልና። «ትናንት ጠዋት ካያችሁ በኋላ ምን አደረጋችሁ?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ ቅደም ተከተሉን ይሰጥዎታል።

አሁን የመጀመሪያዋን ስክሪን እንሥራ። የመጀመሪያ ስክሪን የምለው ጣት ሳይንሸራተት የሚታየውን ነው። ቁመቱ 800 ፒክስል በሆነ ስልክ ላይ የስልኩና የአፑ የላይና የታች አሞሌዎች ድርሻቸውን ከወሰዱ በኋላ 600 ገደማ ይተርፋል ብለው ይያዙ። ስፋቱ ከ360 ላይ ዳርና ዳሩ 12፣ 12 ሲቀነስ 336 ነው። ያለን ቦታ ይኸው ነው።

ከላይ አራቱን ካርዶች አይደርድሩ። ኮምፒውተር ላይ ጎን ለጎን ሲሆኑ ዓይን በአንዴ ያነጻጽራቸዋል። ስልክ ላይ አንዱ ከአንዱ በታች ሲሆኑ ግማሹን ስክሪን ይበላሉ። ሁለት ሁለት ቢያደርጓቸው ደግሞ ትልልቅ ቁጥሮች ይቆረጣሉ። በምትካቸው አንድ ቁጥር ያስቀምጡ፦ እስከ ዛሬ ካለው ዕቅድ ያለንን ልዩነት።

«እስከ ዛሬ ካለው» የሚለውን ይያዙልኝ፤ ትልቁ ስህተት የሚሠራው እዚህ ነው። የወሩ ዕቅድ 6,000,000 ነው እንበል። ቀኑ 20 ነው፣ ወሩ 30 ቀን አለው። እስካሁን የተሸጠው 3,720,000 ነው። ካርዱ ከሙሉ ወሩ ጋር ካነጻጸረ «62%» ይላል። ኮምፒውተር ላይ አጠገቡ ያለው የመስመር ቻርት ወሩ ገና እንዳላለቀ ይነግራል። ስልክ ላይ ቁጥሩ ብቻውን ነው፤ ሰው ይደነግጣል። ዕቅዱ በቀን እኩል ቢካፈል እስከ 20ኛው ቀን መሸጥ የነበረበት 4,000,000 ነው። ስለዚህ ያለነው 93 በመቶ ላይ ነው፣ የጎደለው 280,000 ነው። በ62 እና በ93 መካከል ያለው ልዩነት ጠዋት ለማን እንደሚደወል ይቀይራል። ሽያጭዎ በሳምንቱ መጨረሻ የሚወርድ ወይም የሚወጣ ከሆነ ዕቅዱን እኩል አያካፍሉት፤ በሥራ ቀናት ወይም ባለፈው ዓመት በታየው የቀናት ድርሻ ያካፍሉት። ከዚያ በኋላ ቀመሩ ቀላል ነው፤ MTD ማለት ከወሩ መጀመሪያ እስከ ዛሬ ያለው ድምር ነው፦

```
Gap = [Sales MTD] - [Plan MTD]
```

ቁጥሩን ሲያሳጥሩም ይጠንቀቁ። ቦታ ስለጠበበ ሁሉንም በሚሊዮንና በአንድ አሃዝ ማሳየት ያጓጓል። ግን 3,960,000 በዚያ መንገድ «4.0 ሚ» ይሆናል፤ 4,000,000 የሆነው ዕቅድም «4.0 ሚ» ይሆናል። አንባቢው ዕቅዱ የተሞላ ይመስለዋል፤ 40,000 ግን ጎድሏል። ልዩነቱን ራሱን በሺህ ያሳዩ፦ «−280 ሺህ»። ከሥሩ በትንሽ ፊደል «3.72 ሚ ከ4.00 ሚ፣ 93%» ይበሉ። ይህ ሁሉ 90 ፒክስል ቁመት ይበቃዋል።

ከዚሁ ጎን አንድ ትንሽ መስመር ይጨመር፦ መረጃው እስከ መቼ ያለ እንደሆነ። ስልክ መንገድ ላይ ይከፈታል፤ ኔትወርክ ሲጠፋ አፑ መጨረሻ ላይ ያመጣውን ሊያሳይ ይችላል። ቀኑ ካልተጻፈ የትናንቱ ቁጥር የዛሬ ይመስላል። ቀኑ ደግሞ ከመረጃው ራሱ ይምጣ፤ ሪፖርቱ የተከፈተበትን ሰዓት የሚያሳይ ቀመር አይጠቀሙ።

```
As Of = CALCULATE ( MAX ( Sales[Date] ), ALL ( Sales ) )
```

ALL የገባው አንድ ቅርንጫፍ ሲመረጥ ቀኑ የዚያ ቅርንጫፍ የመጨረሻ ሽያጭ ቀን ሆኖ እንዳይቀየር ነው።

ቀጥሎ የቅርንጫፎቹ ቻርት ይምጣ። አሁን በቋሚ ዓምድ ከሆነ ያለው ስልክ ላይ አይሆንም። 336 ፒክስል ለ18 ሲካፈል ለእያንዳንዱ ዓምድ 18 ፒክስል ተኩል አካባቢ ይደርሰዋል። በዚያ ስፋት የቅርንጫፍ ስም ቀጥ ብሎ አይጻፍም። ተጋድሞ ይጻፋል ወይም በሦስት ነጥብ ይቆረጣል። ወደ አግድም ዘንግ ይቀይሩት። ያኔ ስሙ በግራ ቀጥ ብሎ ይነበባል፤ ለእሱ ከስፋቱ ሲሶውን፣ 110 ፒክስል አካባቢ ይስጡት። ለአንድ ዘንግ 32 ፒክስል ቁመት ቢሰጡ 18ቱ 576 ይወስዳሉ፤ ሙሉ ስክሪን ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ሁሉንም አያሳዩ። ከዕቅድ በጣም የራቁትን ስድስት ብቻ ያሳዩ። 192 ለዘንጎቹ፣ 50 ገደማ ለርዕስና ለክፍተት፣ በጠቅላላው 240 አካባቢ ይሆናል።

አሠራሩ ይህ ነው። ቻርቱን ይምረጡና በ Filters ውስጥ የቅርንጫፉን ስም Top N አድርገው Bottom 6 ይበሉ፤ By value ላይ Gap ን ያስገቡ። ከዚያ ቻርቱን በ Gap ከትንሽ ወደ ትልቅ ይደርድሩት፤ የባሰበት ከላይ ይሆናል። በተጨማሪ Gap ከዜሮ በታች እንዲሆን ሌላ ማጣሪያ ይጨምሩ። ያለበለዚያ ሁሉም ዕቅዳቸውን ባለፉበት ወርም ቻርቱ ስድስት «ችግረኛ» ቅርንጫፎች ያሳያል። ማንም ያልቀረበት ቀን ቻርቱ ባዶ ይሆናል፤ ባዶ ቻርት ደግሞ የተበላሸ ይመስላል። ርዕሱን ከቀመር እንዲመጣ ያድርጉና በዚያ ቀን «ከዕቅድ በታች ያለ ቅርንጫፍ የለም» ይበል።

አንድ ምርጫ እዚህ አለ። በመጠን ሲደረደር ትልቁ ቅርንጫፍ ጥቂት በመቶ ብቻ ቀርቶበት አንደኛ ሊወጣ ይችላል፤ ትንሹ 40 በመቶ ቀርቶበት እታች ይቀራል ወይም ጭራሽ አይታይም። በመቶኛ ሲደረደር ደግሞ በጣም ትንሽ የሆነው ቅርንጫፍ ብዙ ጊዜ ከላይ ሊቀመጥ ይችላል። የወሩን ዕቅድ ማዳን ከሆነ ዓላማው በመጠን ይደርድሩ፤ በመቶኛውን ከዘንጉ ጫፍ ላይ ይጻፉት። ለእርስዎ ተቆጣጣሪዎች የምመርጠው ይህንን ነው።

ሦስተኛው የመስመር ቻርቱ ነው፣ ግን እንዳለ አይደለም። ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር አለ። ቻርት ሲጠብ የሚቀየረው መጠኑ ብቻ አይደለም፤ የሚናገረውም ይቀየራል። ኮምፒውተር ላይ 600 በ250 የነበረ ቻርት ስልክ ላይ 336 በ200 ቢሆን፣ ያው መረጃ ያው መለኪያ እያለው መስመሩ በ1.4 እጥፍ አካባቢ ይቆማል። ለስለስ ያለ መውረድ ገደል ይመስላል። ተቆጣጣሪው ቢሮ ያየውና ስልኩ ላይ ያየው አልገጥም ይለዋል፤ ቁጥሩ አንድ ሆኖ ሳለ። መድኃኒቱ ጊዜውን ማሳጠር ነው። ጠዋት ላይ ለሚደወል ስልክ የ12 ወር ታሪክ አያስፈልግም። የዚህን ወር ቀናት ድምር በአንድ መስመር፣ የዕቅዱን ድምር በቀጭን ግራጫ መስመር ያሳዩ። ሁለቱ መስመሮች ሲራራቁ ወይም ሲቀራረቡ ማየት በቂ ነው።

በዚህ ቻርት ላይ ማውዝ ሲጠጋ ብቅ የሚለውን መግለጫ አይመኩበት። ስልክ ላይ ማውዝ የለም። መንካት ይቻላል፣ ግን የ20 ቀን ነጥቦች በ336 ፒክስል ላይ ሲቀመጡ ጣት የፈለገውን ቀን መርጦ መንካት አይችልም። ሊነበብ የሚገባውን ቁጥር ስክሪኑ ላይ ያውጡት፤ የመጨረሻው ነጥብ ላይ ብቻ ቢጻፍ ይበቃል። Gridlines የሚባሉትን መስመሮች፣ የመለኪያ መስመሮቹን ርዕሶች፣ Legend የሚባለውን የቀለም መግለጫ ያጥፉ። ለቻርቱ 200 ፒክስል ይስጡ።

90 እና 240 እና 200 ሲደመር 530 ነው። ከ600 ውስጥ ለክፍተት 70 ተረፈ። ሁለቱ ጥያቄዎች ያለ ምንም ማንሸራተት ተመለሱ።

ከዚያ በታች፣ ማንሸራተት ለሚፈልግ ሰው፣ ከአራቱ ካርዶች አንዱን፣ ለምሳሌ የተመላሽ ዕቃ ካለ እሱን፣ ማስቀመጥ ይችላሉ። ካርታው ይውጣ፤ 18 ቅርንጫፍ የት እንዳለ ተቆጣጣሪው ያውቀዋል። ስልክ ላይ ካርታ ሌላም ጣጣ አለው፦ ገጹን ለማንሸራተት የተዘረጋ ጣት ካርታውን ይዞ ይሄዳል። ክብ ቻርቱም ይውጣ፤ ጠዋት የሚወሰን ነገር አይነግርም።

የምርት ሠንጠረዡን ግን ሲያወጡ ቅሬታ ይመጣል፤ ሠንጠረዥ የሚወድ ሰው ሁልጊዜ አይጠፋም። ስልክ ላይ ብዙ ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ በሁለት አቅጣጫ ይንሸራተታል። ወደ ጎን ሲሄዱ የምርቱ ስም ከዓይን ሊጠፋ ይችላል፣ ወደ ታች ሲሄዱ ደግሞ ጣቱ ሠንጠረዡ ውስጥ ተይዞ ገጹ አልንቀሳቀስ ይላል። የግድ ከሆነ ሦስት ዓምድና ጥቂት ረድፍ ብቻ ያለው አዲስ ሠንጠረዥ ይሥሩ፤ በውስጡ ማንሸራተት እንዳያስፈልገው ሆኖ። ካልሆነ ለኮምፒውተሩ ይተዉት።

አሁን ወደ ማጣሪያዎቹ። ይህ የሁሉም ዋና ጥንቃቄ ነው፣ እባክዎ ረጋ ብለው ያንብቡት። ስልኩ ላይ ቦታ ለመቆጠብ ማጣሪያዎቹን ማስወጣት ትክክል ነው። ግን ማጣሪያ ከስልኩ አቀማመጥ ሲወጣ ሥራውን አያቆምም፤ የማይታይ ብቻ ነው የሚሆነው። ሪፖርቱን ሲያስቀምጡ የምርት ማጣሪያው «መጠጦች» ላይ ተመርጦ ቀርቶ ከነበረ፣ ስልኩ ላይ ያለው ቁጥር ሁሉ የመጠጦች ብቻ ነው። ተቆጣጣሪው ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ቁጥሩ ትክክል ይመስላል፣ ቻርቱ ያምራል፣ ውሳኔው ግን ስህተት ነው። የማይነበብ ፊደል ቢያንስ ችግር እንዳለ ይናገራል፤ ይሄኛው ዝም ይላል።

ስለዚህ ከማስቀመጥዎ በፊት ከስልኩ የሚወጡትን ማጣሪያዎች ሁሉ ባዶ ያድርጓቸው። የቀን ማጣሪያውን ስልኩ ላይ አያምጡት፤ ከላይ ያሉት ቀመሮች ወሩን ራሳቸው እንዲይዙ ያድርጉ። ወሩን የሚይዙት ኮምፒውተሩ ላይ በተመረጠው ቀን ከሆነ ግን ያው ወጥመድ ነው፤ ያለፈው ወር ተመርጦ ከቀረ ስልኩ ያለፈውን ወር ያሳያል። የቅርንጫፍ ማጣሪያውን ማቆየት ከፈለጉ በተቆልቋይ መልክ፣ በሙሉ ስፋት፣ ቢያንስ 48 ፒክስል ቁመት ሰጥተው ያስቀምጡት። ቦታው ከስድስቱ ቅርንጫፎች ቻርት በታች ቢሆን እመርጣለሁ። ከላይ ከሆነ ያንን ውድ ቦታ ይወስዳል፣ ብዙ ሰውም ምንም ሳይነካው ያልፈዋል።

ወደ ፓወር ቢአይ ሥራው እንለፍ። መጀመሪያ አንድ ስም እናጥራ። እርስዎ ዳሽቦርድ የሚሉት በፓወር ቢአይ ቋንቋ ሪፖርት ነው። እዚያ ዳሽቦርድ የሚባለው በድረ ገጹ ላይ ቻርቶች ተለጥፈው የሚሠራው ሌላው ነገር ነው፤ የስልክ አቀማመጡም እዚያው ለብቻው ይስተካከላል። መመሪያ ሲፈልጉ ሁለቱ እንዳይደባለቁብዎ።

በዴስክቶፑ ላይ View ከዚያ Mobile layout ይጫኑ። መሃል ላይ የስልክ ቅርጽ ያለው ባዶ ሸራ ይመጣል፤ Page visuals በሚለው ስር የገጹ ቻርቶች ሁሉ ተዘርዝረዋል። የሚፈልጉትን እየጎተቱ ያስገቡ። ያላስገቡት ስልኩ ላይ አይታይም፤ ኮምፒውተሩ ላይ ግን እንዳለ ነው። ቀድሞ Auto-create የደረደረውን አጥፍተው ከባዶ ይጀምሩ። የተደረደረውን ማስተካከል የሚፈጥን ይመስላል፣ ግን የነበረውን ቅደም ተከተል ይዘው ይቀራሉ።

እዚህ የሚቀይሩት የፊደል መጠን፣ የመለኪያ መስመር፣ የርዕስና የመሳሰለው አሠራር የኮምፒውተሩን ገጽ አይነካም። ይህ ጥሩ ነው፤ ስልኩ ላይ Gridlines የሚባሉትን መስመሮች ቢያጠፉ ኮምፒውተሩ ላይ ይቀራሉ። ግን ዋጋ አለው። ስልኩ ላይ አንዴ የነኩት ቅንብር ከኮምፒውተሩ ጋር ያለው ግንኙነት ይቋረጣል። ከሦስት ወር በኋላ ኮምፒውተሩ ላይ ቀለሙን ወይም ርዕሱን ቢቀይሩ፣ ያንኑ ቅንብር ስልኩ ላይ ነክተውት ከነበረ እዚያ የድሮው ይቆያል። ስለዚህ ስልኩ ላይ የግድ የሆነውን ብቻ ይንኩ።

ሌላው ገደብ ከዚህ ይከብዳል። የስልኩ አቀማመጥ መልክን ነው የሚቀይረው፤ መረጃውን አይቀይርም። Bottom 6 የሚለው ማጣሪያ የቻርቱ ነው፤ ካስገቡት ኮምፒውተሩም ላይ ስድስት ቅርንጫፍ ብቻ ይታያል። አዲስ ቻርት ደግሞ በስልኩ ሸራ ላይ መፍጠር አይቻልም፤ መጀመሪያ በኮምፒውተሩ ገጽ ላይ መኖር አለበት። ሦስት መውጫ አለ። አንዱ፣ የኮምፒውተሩንም ቻርት ወደ ስድስት መቀነስ ነው። ሌላው፣ የስልኩን ቻርት ኮምፒውተሩ ላይ ከሌላ ቻርት ኋላ መደበቅ ነው። ይሠራል፣ ግን አልመክረውም። ከእርስዎ በኋላ ሪፖርቱን የሚረከበው ሰው የተደበቀ ቻርት እንዳለ አያውቅም፤ አንድ ቀን የፊተኛውን ሲያንቀሳቅስ ኋለኛው ብቅ ይላል። ሦስተኛው፣ ለስልክ የሚሆን የራሱ ገጽ በዚያው ሪፖርት ውስጥ መክፈት ነው።

የእኔ ምክር ሦስተኛው ነው። የመስመር ቻርቱም ከ12 ወር ወደ አንድ ወር ስለሚቀየር፣ ካርዱም አዲስ ስለሆነ፣ ከነባሩ ገጽ የሚወስዱት ጥቂት ነው። «የጠዋት እይታ» የሚል ገጽ ይክፈቱ። ከላይ የዘረዘርናቸውን ብቻ ያስገቡበት፣ የስልክ አቀማመጡን ይሥሩለት፣ የዚያን ገጽ አድራሻ ለተቆጣጣሪዎቹ ይላኩ። ቀመሮቹ ከሌሎቹ ገጾች ጋር አንድ ስለሆኑ ቁጥሮቹ አይለያዩም። ገጹ ኮምፒውተር ላይም እንደ አንድ ተጨማሪ ገጽ ይታያል፤ ይህ ጉዳት የለውም። የሌላ ሪፖርት ፋይል ግን አይፍጠሩ። ሁለት ፋይል ሲሆን ቀመሩ አንዱ ላይ ተስተካክሎ ሌላው ላይ ይረሳል።

የነባሮቹን ገጾች የስልክ አቀማመጥ ያጥፉት። አቀማመጥ የሌለው ገጽ በአፑ ላይ እንደ ኮምፒውተሩ ሆኖ፣ አንሶ ነው የሚከፈተው። ያኔ ሰው ለስልክ እንዳልተሠራ ወዲያው ይገባዋል። በግማሽ የተሠራ አቀማመጥ ግን የተሟላ ይመስለዋል።

ሲሞክሩት የኮምፒውተሩን ብሮውዘር አጥብበው አይሞክሩ። የስልክ አቀማመጡ የሚታየው በፓወር ቢአይ የስልክ አፕ ላይ፣ ስልኩ ቀጥ ብሎ ሲያዝ ነው፤ አግድም ሲዞር የኮምፒውተሩ ገጽ ይመለሳል። ተቆጣጣሪዎችዎ አፑን ሳይጭኑ በስልካቸው ብሮውዘር የሚከፍቱ ከሆነ ይህ ሁሉ ሥራ አይደርሳቸውም። ስለዚህ ከመጀመርዎ በፊት በምን እንደሚከፍቱት ይጠይቁ።

አፑ ላይ ከከፈቱት በኋላ ስልኩን ሪፖርቱን አይቶ ለማያውቅ ባልደረባ ይስጡ። አምስት ሰከንድ ያሳዩትና መልሰው ይውሰዱ። «ወደ ኋላ ቀርተናል ወይ? ማን ጋ?» ይበሉት። ሁለቱንም ከመለሰ ተሳክቷል። የመጀመሪያውን ብቻ ከመለሰ የቅርንጫፎቹ ቻርት ፊደል አንሷል ወይም ርዕሱ ግልጽ አይደለም። ሁለቱንም ካልመለሰ ከላይ የተቀመጠው ቁጥር ስህተት ነው፤ እሱን ሳይቀይሩ መጠን አይነካኩ። ይህንን በትንሹ ስልክ ይሞክሩ፤ የእርስዎ ስልክ ትልቅ ከሆነ 360ው ላይ የሚቆረጠውን አያዩትም። ከዚያ ስልኩ ላይ የሚታየውን ቁጥር ማጣሪያዎቹ ሁሉ ባዶ ሆነው ኮምፒውተሩ ላይ ከሚታየው ጋር ያመሳክሩ። አንድ አሃዝ እንኳ ከተለያየ የተደበቀ ማጣሪያ ወይም ያረጀ መረጃ ሊኖር ይችላል፤ ምክንያቱን ሳያገኙ አይላኩት።